የወፍጮ የእርጅና ቅናሽ እንዴት ይሰላል? በእኩል ድርሻና በቀሪ ዋጋ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ወፍጮ የተከለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጤፍና በቆሎ ሲፈጭ ከርሞ ሰኔ 30 ላይ ሒሳቡን ይዘጋል እንበል። የመብራቱን፣ የሠራተኛውንና የድንጋይ ወቃሪውን ከፍሎ 120,000 ብር በእጁ ቀረው። ይህ ሁሉ ትርፍ ነው? አይደለም። የወፍጮው ዋጋ በአንድ ጊዜ ወጣ እንጂ ወፍጮው የሚያገለግለው ለዓመታት ነው። የእርጅና ቅናሽ ማለት ያን አስቀድሞ የወጣ ዋጋ ወፍጮው ገቢ ለሚያስገባባቸው ዓመታት ማከፋፈል ነው።

መጀመሪያ ሙሉ ዋጋውን አስሉ። ማሽኑና ሞተሩ 340,000 ብር፣ ከአዲስ አበባ ዓባይን አሻግሮ ያመጣው መኪና ኪራይ 18,000፣ የመሠረቱ ኮንክሪትና የመብራት ዝርጋታው 42,000 ቢሆን፣ ዋጋው 400,000 ብር ነው። ብዙ ሰው የማሽኑን ደረሰኝ ብቻ ይይዝና የቀረውን ይረሳል። ወፍጮው ሥራ እንዲጀምር ያደረገ ወጪ ሁሉ ግን የዋጋው አካል ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ማስወቀር የየወሩ ወጪ ስለሆነ እዚህ አይደመርም።

ቀጥሎ ሁለት ግምት ያስፈልጋል፦ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይስ በስንት ይሸጣል? እዚህ 5 ዓመትና 40,000 ብር እንውሰድ። ስለዚህ በአምስቱ ዓመት ውስጥ የሚከፋፈለው 360,000 ብር ነው።

በእኩል ድርሻ ሲሰላ (ቀጥተኛው ዘዴ የሚባለው ነው) 360,000ን ለ5 ማካፈል ብቻ ነው፤ በየዓመቱ 72,000 ብር።

በቀሪ ዋጋ ሲሰላ ግን መጣኔው አንድ ሆኖ፣ የሚባዛበት ገንዘብ በየዓመቱ ይቀንሳል። በተለምዶ የእኩል ድርሻው መጣኔ እጥፍ ይወሰዳል፦ ለ5 ዓመት 20 በመቶ የነበረው 40 በመቶ ይሆናል። ስሌቱ የሚጀምረው ከ360,000 ሳይሆን ከሙሉው 400,000 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ 160,000 ይሆንና 240,000 ይቀራል። የ240,000 አርባ በመቶ 96,000 ነው፤ 144,000 ይቀራል። ሦስተኛው ዓመት 57,600፣ አራተኛው 34,560 ሲቀነስ በመዝገብ የሚቀረው 51,840 ብር ነው።

ስህተት የሚበዛው አምስተኛው ዓመት ላይ ነው። አርባ በመቶውን ዝም ብሎ ያሰላ ሰው 20,736 ቀንሶ የወፍጮውን ዋጋ ወደ 31,104 ያወርደዋል። በ40,000 ይሸጣል ብለን የገመትነውን ዕቃ ከዚያ በታች ማውረድ አይቻልም፤ ስለዚህ በዚህ ዓመት የሚቀነሰው 11,840 ብቻ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የአምስቱን ዓመት ቅናሽ ደምሩት። በሁለቱም መንገድ ልክ 360,000 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሌላው ስህተት ወፍጮው በዓመቱ መካከል ሥራ ሲጀምር ይፈጠራል። ማሽኑ ኅዳር ላይ ተገዝቶ መብራት የገባለትና ለሥራ ዝግጁ የሆነው ጥር 1 ከሆነ፣ ቆጠራው ከጥር ይጀምራል። እስከ ሰኔ 30 ያለው ስድስት ወር ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት በእኩል ድርሻ 36,000፣ በቀሪ ዋጋ 80,000 ይሆናል።

አሁን ወደ 120,000ው እንመለስ፤ ወፍጮው ዓመቱን ሙሉ ሠርቷል። በእኩል ድርሻ ትርፉ 48,000 ብር ነው። በቀሪ ዋጋ ደግሞ 40,000 ብር ኪሳራ ይታያል። በኪስ ያለው ገንዘብ ግን በሁለቱም 120,000 ነው፤ አንድ ብር አልጨመረም፣ አንድ ብር አልወጣም። የተለያየው ቀድሞ የወጣው ዋጋ የትኛው ዓመት ላይ ይበልጥ እንደተጫነ ብቻ ነው። በመዝገብ የቀረው ቁጥርም ወፍጮው ዛሬ ገበያ ቢወጣ የሚያወጣውን ዋጋ አይነግራችሁም። ለግብር ሲሆን ደግሞ ሕጉ የራሱ መጣኔ ስላለው፣ የራሳችሁን ግምት እዚያ አታስገቡ።

የትኛውን እንምረጥ? ወፍጮው በየዓመቱ ተቀራራቢ እህል የሚፈጭ ከሆነ እኩል ድርሻ ይሻላል፤ አገልግሎቱ እኩል ነውና። ባጃጅ ግን መጀመሪያ ላይ ብዙ ይሠራል፣ ሲያረጅ ጋራዥ ያዘወትራል። በቀሪ ዋጋ ሲሰላ ቅናሹ እየወረደ ጥገናው እየጨመረ ስለሚሄድ የሁለቱ ድምር ከዓመት ዓመት ብዙ አይራራቅም።

አብዝቶ የሚጎዳው ግን የዘዴው ምርጫ አይደለም። «እርጅናውን ቀንሻለሁ» ያለ ሰው ለአዲስ ወፍጮ ገንዘብ ያጠራቀመ ይመስለዋል። መዝገብ ላይ የተጻፈ 72,000 ባንክ አይገባም። ባለቤቱ 120,000ውን ሙሉ በየዓመቱ ለቤት ካወጣ፣ በአምስተኛው ዓመት የሚቀረው ያረጀ ወፍጮ ነው። ስለዚህ 72,000ውን በየዓመቱ ለብቻው በተከፈተ የቁጠባ ደብተር ማስገባት የራሱ ሥራ ነው። ያም ቢሆን የሚመልሰው የድሮውን ዋጋ ነውና፣ የአዲሱ ወፍጮ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱ ከትርፉ ላይ መቀመጥ አለበት።