ለጥቅል ጎመን ኮምፖስት ከሥር፣ ዩሪያ በማንኪያ

በደብረ ብርሃን አካባቢ ብርድ፣ ኮምፖስት ብቻ የተሰጠው ጥቅል ጎመን መጀመሪያ ላይ ቢጫ ሆኖ ሊቀጭጭ ይችላል፤ ናይትሮጅኑን ለሥሩ የሚያዘጋጁት ረቂቅ ተሕዋስያን በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥራቸው አዝጋሚ ነውና። ስለዚህ ኮምፖስትንና ዩሪያን ከማፎካከር ሥራ ማካፈል ይሻላል።

ችግኙ ሲተከል በየጉድጓዱ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ከአፈር ጋር ይቀላቀል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከግንዱ ግማሽ ስንዝር ያህል ርቆ፣ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በዙሪያው ይበተንና አፈር ለብሶ ወዲያው ውኃ ይጠጣ። አፈር ካልለበሰ ከፊሉ ተንኖ ይባክናል። ለ40 ችግኝ ሩብ ኪሎ ስለሚበቃ ወጪው ትንሽ ነው፤ ቅጠሉም በአስር ቀን ገደማ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል።

ዩሪያ ግን የመረሬውን አፈር አያለሰልስም። ያንን የሚያደርገው ኮምፖስት ነው፤ ጥቅሙም ለሚቀጥለው ተክል ይተርፋል። ዋጋው ጉልበትና ፍግ ነው፤ እበቱ ለኩበት ከተፈለገ የበግ ፍግ ይተካዋል።

እጅ ሲገባበት የሚሞቅ ወይም የሚከረፋ ኮምፖስት ስላልበሰለ ችግኝ ያቃጥላል። ለካሮት ደግሞ ይህን የዩሪያ መጠን አይጠቀሙ፤ ቅጠሉን አሳድጎ ሥሩን ያሳንሰዋል።