ሰብታይትሉ ሳይነበብ ሲያልፍ፦ ችግርና መፍትሄ

መንዝ ላይ ባና የሚሸምኑ አባት ቀርጻችኋል እንበል። አነጋገራቸው ፈጣን ነው፣ ነፋሱም ድምፁን ይረብሻል። ስለዚህ ከሥር ሰብታይትል አስገባችሁ። ቪዲዮውን የሚያየው ሰው ግን ቶሎ ቶሎ ወደኋላ እየመለሰ ነው።

ችግር፦ ጽሑፉ ተነቦ ሳያልቅ ይጠፋል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተነገረው ሁሉ ቃል በቃል መጻፉ። ሁለተኛው፣ ለላቲን ፊደል የወጣውን ልክ መከተል። በላቲን በአንድ መስመር እስከ 42፣ በሰከንድ ደግሞ 17 ገደማ ፊደል የተለመደ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ያው ቁጥር ለአማርኛ ይበዛል። እኔ የምሠራው በመስመር እስከ 28፣ በሰከንድ እስከ 12 ፊደል ነው። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። ከሁለት መስመር አይበልጥም።

አሁን እንቁጠር። አባ በ4 ሰከንድ እንዲህ አሉ፦ «ፀጉሩን ከበጉ ሸልተን ለሴቶቹ እንሰጣለን እነሱ ይፈትሉታል እኔ ደግሞ ባናውን እሸምናለሁ»። 55 ፊደል ነው። ለ4 ሲካፈል ወደ 14 ይጠጋል፤ በዛ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጽሑፉን ለሁለት ይከፍለዋል። ጊዜውም አብሮ ስለሚከፈል ግን ፍጥነቱ ያው ነው። መጀመሪያ ከንግግሩ በኋላ ዝምታ ካለ ጽሑፉን ትንሽ አቆዩት። ዝምታ ከሌለ ቀንሱ። «ከበጉ» ይውጣ፣ በጉ ሥዕሉ ላይ ይታያል። «ደግሞ»ም ይውጣ፤ «ይፈትሉታል» «ይፈትላሉ»፣ «ባናውን» «ባና» ይሁን፦

```
12
00:01:10,000 --> 00:01:14,000
ፀጉሩን ሸልተን ለሴቶቹ እንሰጣለን፣
እነሱ ይፈትላሉ፣ እኔ ባና እሸምናለሁ።
```

46 ፊደል፣ በሰከንድ 11.5። «ባና» ግን አይነካም። «ብርድ ልብስ» ብላችሁ ብትተኩት የአባ አነጋገር ይጠፋል፣ ይህ ደግሞ ያሳዝናል።

ችግር፦ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ግን ዓይን ይደናቀፋል

መስመሩ የተሰበረበትን ቦታ እዩ። «የመንዝ» ከላይ፣ «በግ» ከታች ከቀሩ አንባቢው ተመልሶ ያነባል። ገላጭን ከስሙ፣ ግስን ከተሳቢው አትለዩ። ከላይ እንዳለው ከግስ በኋላ መስበር ለአማርኛ ይመቻል።

ችግር፦ የሰውየው ስም አይታይም

ስሙ የተጻፈበት ነጭ ጽሑፍ በነጭ ጋቢ ላይ ወይም በጣርማበር ጉም ላይ ወድቋል። ጥላ ብቻ አይበቃም፤ ከሥሩ ከፊል ግልጽ የሆነ ጥቁር ሳጥን አድርጉ። ስሙን ቀስ ብላችሁ ሁለቴ እስክታነቡት ድረስ ይቆይ። ያን ጊዜ ሰብታይትሉ እዚያው ቦታ ላይ እንዳይደረብ ወደ ላይ አንሱት።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ ቀይሩት። የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ ፋይሉን በ UTF-8 መልሳችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ ድምፁን አጥፍታችሁ ቪዲዮውን ላላየ ሰው በስልክ አሳዩት። «እጃቸው ምን ይዞ ነበር?» በሉት። ካልመለሰ፣ እያነበበ እንጂ እያየ አልነበረምና ከዚያ ትዕይንት ጽሑፍ ቀንሱ።