ቀዝቅዞ የተበላ ድንችና የደም ስኳር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንችና ሩዝ ትኩስ ከሆነው ያነሰ የደም ስኳር ያስነሳል። ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ ብዙ ሰው የሚሠራበት መንገድ ጥቅሙን ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ቁጥሩን አይቶ መጠኑን መርሳት

ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚለካው አንድ ሰው በባዶ ሆዱ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለበት ምግብ በልቶ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሰዓታት የደም ስኳሩ ምን ያህል እንደጨመረ በመከታተል ነው። ማነጻጸሪያው 100 የተሰጠው ግሉኮስ ነው። 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ቁጥሩ ግን ሰሃኑ ላይ ምን ያህል እንደቀረበ አይናገርም። ያንን የሚነግረን ግላይሴሚክ ሎድ ነው፦ ኢንዴክሱ በምግቡ ውስጥ ባለው ካርቦሃይድሬት ግራም ተባዝቶ ለ100 ይካፈላል። 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው።

በአንድ ጥናት ላይ የተቀቀለ ቀይ ድንች ኢንዴክስ ትኩሱ 89፣ ቀዝቃዛው 56 ሆኖ ተገኝቷል። 150 ግራም የተቀቀለ ድንች በግምት 26 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው ብለን እናስላ። የትኩሱ ሎድ 23፣ የቀዝቃዛው 15 ይሆናል፤ ጥሩ ልዩነት ነው። ነገር ግን «ቀዝቅዟል፣ አይጎዳም» ተብሎ 300 ግራም ቢበላ ሎዱ 29 ይደርሳል። ከትንሹ ትኩስ ድንች በለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከማቀዝቀዝ በፊት መመዘን ይቀድማል።

ሁለተኛው፦ እስኪበርድ ብቻ መጠበቅ

ድንች ሲቀቀል ስታርች የተባለው ካርቦሃይድሬቱ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ የተደራጁት ሰንሰለቶች ይላላሉ፣ የምግብ መፍጫ ኢንዛይምም በቀላሉ ይደርስባቸዋል። ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ እንደገና ተጠጋግተው ይያያዛሉ፤ ኢንዛይሙም እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይደርስባቸውም። አሚሎዝ የተባለው ቀጥተኛ ሰንሰለት ይህን በሰዓታት ውስጥ ያደርጋል። ቅርንጫፍ የበዛበት አሚሎፔክቲን ግን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት የቆየ ድንች እጅ አያቃጥልም እንጂ ውስጡ ገና ብዙ አልተለወጠም። ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ አካባቢ 24 ሰዓት ማሳደር ያስፈልጋል።

ቀዝቃዛ ምግብ ለማይስማማው ሰው መልካም ዜና አለ፦ እንደገና ማሞቅ ሁሉንም አያጠፋም። የአሚሎፔክቲን ትስስር ሲሞቅ ይፈታል፣ የአሚሎዙ ግን የውሃ መፍያ ሙቀትንም ይቋቋማል። አንድ የሩዝ ጥናት ላይ በ100 ግራም ትኩስ ሩዝ ውስጥ የማይፈጭ ስታርች 0.64 ግራም ነበር፤ 24 ሰዓት በፍሪጅ ቆይቶ የተሞቀው 1.65 ግራም ሆኗል፣ የደም ስኳር ጭማሪውም ቀንሷል። ጭማሪው በግራም ሲታይ ትንሽ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አብዛኛው ስታርች አሁንም ይፈጫል።

ሦስተኛው፦ ውጭ ማሳደር

ይህ ከስኳሩም በላይ አደገኛ ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ማብሰልን የሚቋቋም ዘር አለው፤ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ሲራባ የሚያስመልስ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም በማሞቅ አይጠፋም። ሩዙን ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ በስሱ ዘርግተው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡ፤ በማግስቱ ይብሉት።

አራተኛው፦ የአበሳሰሉን ልዩነት መናቅ

ስኳር ድንች ሲቀቀልና ሲጋገር አንድ አይደለም። በራሱ ውስጥ ስታርችን ወደ ማልቶዝ ስኳር የሚቀይር ኢንዛይም አለው፤ ምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሞቅ ይህ ኢንዛይም ረጅም ጊዜ ይሠራል፣ ውሃውም ይተናል። በተለያዩ ዝርያዎች ላይ በተደረገ ልኬት የተቀቀለው ኢንዴክስ 50 እና ከዚያ በታች ሲሆን፣ በምድጃ የተጋገረው ግን ከ80 በላይ ሆኗል። ድንችን ማድቀቅም እንዲሁ ነው፤ ሕዋሶቹ ስለሚሰባበሩ ኢንዛይም ቶሎ ይደርሳል። ሳይደቅ ይቀዝቅዝ።

አምስተኛው፦ ቅቤ ጨምሮ «ተስተካከለ» ማለት

ስብ ሆድ ምግቡን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የደም ስኳሩ ከፍታ ይዘገያል፤ ካርቦሃይድሬቱ ግን አልቀነሰም። በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ የለካ ሰው ስኳሩ የተረጋጋ ይመስለዋል፣ በሦስተኛው ሰዓት ግን ከፍ ብሎ ሊያገኘው ይችላል። የተሻለው ማጣመር ባቄላ ወይም ምስር፣ አትክልት፣ ከድንቹም ጋር አንድ ማንኪያ ያህል ኮምጣጤ ነው። አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድሞ በልቶ ድንቹን ወደ መጨረሻ ማቆየትም ከፍታውን ይቀንሳል።

በራስዎ ላይ ለማየት የሚበላውን ድንች መጠን ሳይለውጡ አንድ ቀን ትኩስ፣ ሌላ ቀን ያደረ ይብሉ፤ ከመብላትዎ በፊት፣ ከዚያም በ30፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ደቂቃ ይለኩ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህን ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ያድርጉ፤ ለትኩሱ የሚበቃው የኢንሱሊን መጠን ያደረውን ከበሉ በኋላ ስኳርዎን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል።