ስልክ ሲቀይሩ ቴክስት የሚያስጠፉ ስህተቶች

ሲሙ ከተዛወረ ቴክስቱም ይዛወራል ማለት

በጅማ ሄርማታ መርካቶ ቡና የሚነግድ ሰው የሦስት ዓመት ሒሳቡን የሚያመሳክረው ከ127 በሚገቡለት የቴሌብር ቴክስቶች ነው እንበል። የስልኩ ስክሪን አስቸገረውና አዲስ አንድሮይድ ገዛ፤ ሲሙን አውጥቶ አዲሱ ላይ አስገባ። ቁጥሩ ይሠራል፣ መልእክት ማስቀመጫው ግን ባዶ ነው።

ስማርት ስልክ ቴክስት የሚያስቀምጠው በራሱ ማኅደር እንጂ በሲም ካርዱ ላይ አይደለም። ሲም ላይ መቀመጥ የሚችለውም ጥቂት ዐሥሮች ብቻ ነው። የቴሌኮም ማዕከሉ ደግሞ መልእክቱን የሚይዘው ስልኩ እስኪቀበለው ድረስ ነው፤ አንዴ ከደረሰ መልሶ አይልከውም። ስለዚህ ሲም ማስወጣትም ሆነ ወደ ሌላ ቴሌኮም መሄድ የድሮ ቴክስት አይመልስም፤ የሚመልሰው ከአሮጌው ስልክ የወጣ ባክአፕ ነው።

ባክአፑን እዚያው ስልክ ላይ መተው

ብዙ ሰው ለዚህ የሚጠቀመው SMS Backup & Restore የተባለውን አፕ ነው። አፑ ቴክስቱን ሁሉ ስሙ በ`sms-` ጀምሮ በ`.xml` በሚያልቅ አንድ ፋይል ያወጣዋል። ነጋዴው ይህን አድርጎ ተረጋጋና አሮጌውን ስልክ ለመሸጥ ሪሴት አደረገው። ፋይሉ የነበረው በስልኩ ውስጥ ስለነበር አብሮ ተደመሰሰ።

ፋይሉ በተሠራበት ሰዓት ሁለት ቦታ ይገልብጡት፤ አንዱን ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ ሌላውን ከስልኩ ውጭ። ለራስ በቴሌግራም መላክም ይሠራል። ግን ይህ ፋይል ቁልፍ የለውም፤ የከፈተው ሁሉ የባንክ ቀሪዎን ያነባል። ስልክ ቤት ኮምፒውተር ላይ ካስገለበጡ ሳያስጠፉ አይውጡ።

ፋይሉን ሳያዩ ማመን

ፋይሉን በጽሑፍ ማንበቢያ ይክፈቱት። እንዲህ ያለ ነገር ያያሉ (አሳጥረነዋል)፦

```
<smses count="4182">
<sms address="127" date="1718000000000"
 type="1" body="..." />
```

`count` በፋይሉ ውስጥ ያሉት መልእክቶች ብዛት ነው። አፑ ጨረስኩ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። `type` 1 ከሆነ የገባ፣ 2 ከሆነ የተላከ ነው። ያ ረጅም ቁጥር ሰዓቱ ነው፤ ከ1970 መባቻ ጀምሮ በሺኛ ሰከንድ የተቆጠረ። እዚህ ላይ ያለው ሰኔ 3 ቀን 2016 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ማለት ነው። ከመጨረሻዎቹ ቴክስቶች አንድ አማርኛ ፈልገው ያንብቡ፤ ፊደሉ በትክክል ከወጣ ፋይሉ ደህና ነው። አንብበው ይዝጉት እንጂ ምንም አያርሙበት። ያለአግባብ ሴቭ ከተደረገ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የዲፎልት ጥያቄውን እምቢ ማለት፣ ወይም እሺ ብሎ መርሳት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 4.4 ወዲህ ወደ ቴክስት ማኅደሩ መጻፍ የሚችለው ዲፎልት የመልእክት አፕ፣ ማለትም ስልኩ ለቴክስት ዋና አድርጎ የያዘው አፕ፣ ብቻ ነው። ሌሎቹ ቢፈቀድላቸው ያነባሉ እንጂ አይጽፉም። ባክአፑ ያለችግር ወጥቶ መመለሱ ግን እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አዲሱ ስልክ ላይ መመለስ ሲጀምሩ አፑ ለጊዜው ዲፎልት ልሁን ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ይበሉት። በሺዎች ለሚቆጠር ቴክስት ሥራው ሊቆይ ይችላል። ቻርጀር ላይ ይሰኩት፣ ባትሪ ቆጣቢውን ያጥፉ፣ አፑንም ከስክሪን አያውጡት፤ አንዳንድ ስልኮች ከኋላ የሚሠራን አፕ ያቆማሉ። ሲጨርስ በስልኩ Settings ውስጥ Default apps ብለው፣ SMS app በሚለው ሥር የቀድሞውን የመልእክት አፕ ይምረጡ። ይህን ከረሱ አዲስ የሚገባ ቴክስት በወጉ ላይደርስዎ ይችላል፤ የባንክ ኮድ እየጠበቁ ያለው በዚያ ሰዓት ቢሆንስ? የሚጠብቁት ካለ ሳይደርስ አይጀምሩ።

ሁለቴ መመለስ

መብራት ሄዶ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ሥራው ቢቋረጥ፣ አፑ የተደገመውን እንደሚዘል ከምርጫዎቹ ሳያረጋግጡ እንደገና አይጀምሩ፤ ያለዚያ አንዱ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይታይና ሒሳቡ ይምታታል። ከሰዎች ጋር የተጻጻፉት በቁጥር ብቻ ከወጣ ስሞቹ የሚመጡት ከስልክ ማውጫው ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ያስገቡ።

አዲሱ ስልክ አይፎን ከሆነ ይህ መንገድ አይሠራም። አይፎን ላይ ቴክስት ወደ ማኅደሩ የሚያስገባ አፕ የለም፤ ያለው መንገድ ስልኩ ገና ሲከፈት በMove to iOS ማዛወር ነው።