በቢጫ አምፖል የተነሳን ፎቶ ቀለም እንዴት እናስተካክላለን?

ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የተነሳ ፎቶ እንውሰድ። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ቢጫ ሆኗል፣ ስኒዎቹም ብርቱካናማ መስለዋል። ብዙ ሰው ቢጫውን ቀንሶ ይተወዋል፤ ያኔ ደግሞ የሰዎቹ ፊት አረንጓዴ ይመታና የታመሙ ይመስላሉ። አረንጓዴው አዲስ የመጣ አይደለም፣ ከቢጫው ስር ተሸፍኖ የነበረ ነው። የድሮው ክር ያለው አምፖል (የብርሃን ቀለም በሚለካበት በኬልቪን 2700 አካባቢ) ችግሩ በአብዛኛው ቢጫነቱ ነው። ርካሽ ቢጫ ኤልኢዲ ግን ብዙ ጊዜ ትርፍ አረንጓዴ ይጨምራል። ስለዚህ ማስተካከያው ሁለት ነው፦ Temp በሰማያዊና በቢጫ መካከል፣ Tint በአረንጓዴና በማጀንታ መካከል።

ከመጀመራችሁ በፊት የስልካችሁን የማታ ስክሪን ማሞቂያ (Night Shift፣ Night Light) አጥፉ። ስክሪኑ ራሱ ቢጫ ከሆነ ፎቶውን ከሚገባው በላይ ሰማያዊ ታደርጉታላችሁ፤ ስህተቱም የሚታወቃችሁ ጠዋት ነው።

አሁን ፎቶውን ላይትሩም በሚባለው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ክፈቱና Color ውስጥ ግቡ። የጠብታ ቱቦ የምትመስለውን ምልክት ነክታችሁ ፎቶው ውስጥ ቀለም የሌለው ነገር ላይ አሳርፏት። ዋናው ሥራ ምርጫው ነው። ከዚህ ፎቶ የሚሻለው የስኒው ነጭ ጎን ነው፣ ያውም አበባ ያልተሳለበት፣ በመጠኑ ጥላ ያረፈበት። ብርሃን የሚያብረቀርቅበትን ነጥብ አትምረጡ፤ እዚያ ቀለሙ ተቃጥሎ ስለጠፋ ፕሮግራሙ የሚለካው ነገር የለም። መሬት ላይ ቄጠማ ከተጎዘጎዘ የስኒውን የታችኛውን ክፍልም ተዉት፣ ከቄጠማው የሚንጸባረቅ አረንጓዴ አለበት፤ እሱን ከለካችሁ ፎቶው በሙሉ ወደ ሮዝ ይሄዳል። የፈትል ነጠላም ቢሆን ጥጡ በተፈጥሮው ትንሽ ክሬም ስለሚሆን ከስኒው ቀጥሎ ነው የሚታሰበው። ጥርስና የዓይን ነጭ ግን ፈጽሞ አይሆኑም።

ቱቦዋ የምትሰጠው መነሻ ብቻ ነው። ፎቶው ጄፔግ ከሆነ ለምሳሌ Temp -35፣ Tint +6 ላይ ልታቆመው ትችላለች። ካሜራው ሳያቀናብር እንዳለ ያስቀመጠው የሮው ፋይል ከሆነ ግን ቁጥሩ በኬልቪን ይነበባል፤ ለቢጫ አምፖል ከ2500 እስከ 3200 ባለው ውስጥ ቢወድቅ አይግረማችሁ።

ከዚያ የቀለም ድምቀትን የሚቆጣጠረውን Saturation ለጊዜው +100 ላይ አድርሱት። ፎቶው አስቀያሚ ይሆናል፣ ግን የተደበቀው ቀለም ሁሉ ይጮኻል። ስኒው ላይ አረንጓዴ ካያችሁ Tint ን ወደ ማጀንታ ሁለት ሁለት እያላችሁ ጨምሩ፤ ሮዝ መምታት ሲጀምር አንድ እርምጃ መልሱ። በዚህ ምሳሌ +6 የነበረው +12 ላይ ቢያርፍ የተለመደ ነው። ሲጨርሱ Saturation ን ወደ 0 መመለስ እንዳይረሳ።

ስኒው ፍጹም ነጭ ሲሆን ግን ፎቶው ቀዝቅዞ፣ ጠይሙ ፊት አመድማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማታ በአምፖል ብርሃን የተቀመጠ ሰው በቀትር የተነሳ ሊመስል አይገባም። Temp ን ከ-35 ወደ -27 አካባቢ መልሱት፣ Tint ን ግን አትንኩት። ጥቂት ቢጫ ሲቀር ሙቀት ይሰጣል፣ ጥቂት አረንጓዴ ሲቀር ግን ቆዳን ያበላሻል። ዓይን ቶሎ ስለሚላመድ ለአንድ ደቂቃ ከስክሪኑ ዞር በሉና ተመልሳችሁ እዩት፤ ፎቶውን በጣት ተጭናችሁ ብትይዙት የመጀመሪያውን ያሳያችኋል።

ሁለት ነገሮች ላይስተካከሉ ይችላሉ። በቢጫ ብርሃን ቀዩ ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ሞልቶ ይፈስሳል። ግንባር ወይም ጉንጭ ላይ የቆዳው ዝርዝር ጠፍቶ ጠፍጣፋ ነጠብጣብ ካለ፣ በተለይ በጄፔግ፣ የትኛውም ማንሸራተቻ አይመልሰውም፤ መፍትሔው በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ካሜራው ላይ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሶ ወይም በሮው ማንሳት ነው። ሰማያዊው ደግሞ በተቃራኒው ጥቂት ብቻ ስለተመዘገበ፣ ስትጨምሩት ጥቁር ፀጉርና ጥላ ውስጥ ባለቀለም ነጠብጣብ ይወጣል። ለእሱ Detail ውስጥ Color Noise Reduction ን 25 አካባቢ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በአንድ በኩል አምፖል፣ በሌላ በኩል የመስኮት ብርሃን ካለ አንድ ማስተካከያ ለሁለቱም አይሆንም። ለፊቱ የሚስማማውን አድርጉና በMasking ብሩሽ የመስኮቱን ወገን ብቻ ቀብታችሁ እዚያ Temp ን +15 ያህል ጨምሩ። ፊቱ ራሱ ግማሹ በመስኮት፣ ግማሹ በአምፖል ከበራ፣ አብዛኛውን ፊት የሚያበራውን ብርሃን ተከተሉ።