ኤአይ በሠራው ሎጎ ላይ ፊደሉ ለምን ይበላሻል? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

የአንድ ዳቦ ቤት ሎጎ ታዟል እንበል። የቤቱ ስም «ማለዳ ዳቦ» ነው። ምስል አመንጪው ድፎውንም ከኋላው ብቅ የምትለውን ፀሐይም አሳምሮ ሥሏል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግን ከሩቅ የግዕዝ ፊደል ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉት አንዱም አይነበብም። ከዚህ በታች ይህንኑ ሎጎ ይዘን ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሔው እንሄዳለን። መሥሪያዎቹ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው፦ ለቬክተር፣ ማለትም ቢሰፋም ለማይደበዝዝ ሥዕል፣ ኢንክስኬፕ፤ ለፎቶ ጊምፕ።

ምልክት፦ ፊደል ይመስላል፣ ግን አይነበብም

ምስል አመንጪ አይጽፍም፣ ይሥላል። ሥራውን የሚጀምረው ከተበታተኑ የቀለም ነጠብጣቦች ነው፤ ደረጃ በደረጃ እያጠራ የታዘዘውን ወደሚመስል ምስል ያደርሳቸዋል። ፀሐይ በዚህ መንገድ ጥሩ ሆና ትወጣለች፣ ጨረሯ አንድ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ፀሐይነቷ አይቀርም። ፊደል ግን እንዲህ ያለ ይቅርታ አያውቅም።

ከዚያ በፊትም ሌላ ችግር አለ፤ ትእዛዙ ሲነበብ የሚፈጠር ነው። ለምሳሌ ስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 ትእዛዙን የሚቀበለው ቶክን በሚባሉ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘውም 77 ቶክን ነው፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያመለክቱት ሁለቱ ተቆጥረው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቶክን ስለሚሆን ሞዴሉ ቃሉን እንጂ ፊደሎቹን በየተራ አያያቸውም። የእኛ ፊደል ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ይሰባበራል። «ዳቦ» ለሞዴሉ የሚደርሰው ትርጉም እንደሌለው የባይት ስብርባሪ ነው። በዚህ ላይ ሞዴሉ ሲሠለጥን ያያቸው የአማርኛ ታፔላዎች ከእንግሊዝኛዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ኢምንት ናቸው። ስለዚህ የሚሥለው የግዕዝ ፊደልን መልክ እንጂ ፊደሉን አይደለም።

ቀላል መለያ አለ። በስሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚመጣ ፊደል ይፈልጉ፤ በእኛ ምሳሌ «ዳ» ነው፣ በ«ማለዳ» መጨረሻና በ«ዳቦ» መጀመሪያ። ከፎንት በተጻፈ ጽሑፍ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በተሣለ ጽሑፍ ግን የአንዱ እግር ይወፍራል፣ የሌላው ራስ ይጣመማል። ይህን ካዩ ጽሑፉን ለማረም አይድከሙ፣ ነቅሎ በእውነተኛ ጽሑፍ መተካት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ምልክት፦ ሁሉም ደህና ነው፣ አንድ ፊደል ብቻ ተሳስቷል

ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ምክንያቱም ዓይን ያልፈዋል። «ቦ» ላይ የግራው እግር ይረዝማል፤ «ባ» ላይ የቀኙ። ሞዴሉ እግሩን ካዛወረው ዳቦ ቤቱ «ማለዳ ዳባ» ሆኖ ይከፈታል፣ ዳባ ደግሞ ባሕታዊ የሚለብሰው ቆዳ ነው። «ለ» የቀኝ እግሩ ትንሽ ከረዘመ «ላ» ነው። የግዕዝ፣ የራብዕና የሳብዕ ልዩነት ብዙ ጊዜ በዚህች የእግር ርዝመት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሞዴሉ እዚህ ላይ የሚሳሳተው በመለኪያው ምክንያት ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን 1.5 512 በ512 ፒክስል የሆነ ምስል ሲያመነጭ በውስጡ የሚሠራው 64 በ64 በሆነ ፍርግርግ ላይ ነው፤ አንዷ ሕዋስ 8 በ8 ፒክስል ትወክላለች። «ማለዳ ዳቦ» 300 ፒክስል ስፋት ውስጥ ቢቀመጥ ለአንድ ፊደል 50 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፣ ይህም ስድስት ሕዋስ ነው። «ቦ»ን ከ«ባ» የሚለየው የእግር ርዝመት ከአንድ ሕዋስ እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ በሚሰፈርበት ወንፊት ቀዳዳ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

አዳዲሶቹ ሞዴሎች አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላትን ብዙ ጊዜ በትክክል ያወጣሉ። ቢሆንም ቃሉ ትክክል ወጣ ማለት ሎጎው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። ያ ጽሑፍ አሁንም ፒክስል ነው፤ ነገ ለቢዝነስ ካርድ ስልክ ቁጥር በዚያው ፊደል ልጻፍ ቢሉ ፎንቱ የለም። እድል ለመሞከር ሃምሳ ጊዜ «አመንጭ»ን መጫን የአንድ ሰዓት ሥራ የሚበላ ልማድ ነው፣ ጽሑፉን በእጅ ማስገባት ግን ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ምልክት፦ ጽሑፍ አታስገባ ቢባልም ያስገባል

ጥፋቱ ከትእዛዙ ነው። «ሎጎ»፣ «ታፔላ»፣ «ፖስተር» የሚሉ ቃላት በሥልጠናው ጊዜ ጽሑፍ ካለባቸው ምስሎች ጋር ስለተቆራኙ ፊደልን ጎትተው ያመጣሉ። «ያለ ጽሑፍ» ብሎ በዋናው ትእዛዝ ውስጥ መጻፍም ብዙ ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ሞዴሉ አሉታውን ደካማ አድርጎ፣ «ጽሑፍ» የሚለውን ግን አጥብቆ ይይዛል። የዳቦ ቤቱንም ስም አይጥቀሱ። ይልቅ የሚታየውን ነገር ብቻ በእንግሊዝኛ ይግለጹ፦

```
flat icon, round loaf of bread, rising sun behind it,
two solid colors, thick shapes, plain white background
```

ፕሮግራሙ የአሉታዊ ትእዛዝ ሳጥን ካለው እነዚህ የሚገቡት እዚያ ነው፦

```
text, letters, words, watermark, signature, gradient
```

የመጨረሻው ቃል የቀለም መሸጋገሪያን ለመከልከል ነው፤ ጥቅሙ ወደ ቬክተር ሲቀየር ይታያል። ለጽሑፉ ባዶ ቦታ እንዲተው ግን ሞዴሉን አይለማመኑት። አንዴ ይተዋል፣ አንዴ አይተውም። ዓርማው በነጭ ላይ ብቻውን ይውጣ፣ ቦታውን በኋላ በገጹ ላይ እናዘጋጃለን።

ምልክት፦ የተሰረዘው ፊደል ተመልሶ ይመጣል

ዓርማው እጅግ ጥሩ ወጥቶ የተበላሸ ጽሑፍ ከሥሩ ቢኖር መላውን መጣል ያሳዝናል። ጽሑፉ ከዓርማው ጋር ካልተነካካና የጀርባው ቀለም ወጥ ከሆነ ጊምፕ ላይ በቀለም መምረጫው ጀርባውን ነክቶ ብሩሽ መቀባት ይበቃል። ጽሑፉ ዳቦው ላይ ከወጣ ግን በኤአይ ማስሞላት ይጠይቃል፤ ፊደሉ ተመልሶ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኤአይ እንዲሞላው የከለልነው ቦታ፣ ማለትም ጭምብሉ፣ ፊደሉን ጥብቅ አድርጎ ስለሸፈነ ዳር ዳሩ የቀረው ጥላ ለሞዴሉ «እዚህ ፊደል ነበር» ይለዋል። ጭምብሉን ከፊደሉ ጠርዝ በየአቅጣጫው ከ15 እስከ 20 ፒክስል ያስፉት። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ውስጥ አሁንም ሱቅ ወይም ሎጎ የሚል ቃል አለ፤ ያንን አጥፍተው «ለስላሳ የዳቦ ቅርፊት» የሚል ብቻ በእንግሊዝኛ ያስገቡ። የለውጥ መጠን የሚወስን ቁልፍ ካለም ወደ 1 ያስጠጉት፣ ዝቅ ካለ የድሮውን ቅርጽ ይዞ ይቀጥላል።

እውነተኛውን ጽሑፍ ማስገባት

ከምስል አመንጪው የወጣው 1024 በ1024 ፒክስል ቢሆን፣ በ300 ዲፒአይ ሲታተም ስፋቱ 8.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለቢዝነስ ካርድ ይበቃል፣ ለታፔላ ይደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓርማው ቬክተር ይሁን። ኢንክስኬፕ ውስጥ ምስሉን መርጠው `Path > Trace Bitmap` ይክፈቱ፣ ከብዙ ቀለም አማራጩ `Scans` ላይ 3 ያስገቡ፤ ሁለቱ ለዓርማው፣ አንዱ ለነጩ ጀርባ ነው። ጀርባውን ከዚያ ይሰርዙት። ውጤቱ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ከሆነ ዓርማው የቀለም መሸጋገሪያ ነበረው ማለት ነው፤ ወደ ትእዛዙ ተመልሶ እንደገና ማመንጨት ቁርጥራጭ ከመልቀም ይቀላል። የተበላሸ ጽሑፍ ግን በፍጹም ወደ ቬክተር አይቀየር፣ ጥርት ያለ ስህተት ብቻ ነው የሚተርፈው።

1000 በ1000 የሆነ ገጽ ይክፈቱ። ከላይ 120 ባዶ ይተዉ፣ ዓርማውን 540 ቁመት ይስጡት፣ 90 ክፍተት፣ ከዚያ ለጽሑፉ 130፤ ከታች 120 ይቀራል። ጽሑፉን ራስዎ እንደገና ከመጻፍ ደንበኛው ከላከው መልእክት ቀድተው ይለጥፉ። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ ያለበት ስም ከሆነ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ይጠየቅ፤ ዲዛይነር እዚህ ላይ የራሱን ምርጫ አይከተልም።

ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ያለው መሆን አለበት። የላቲን ብቻ የሆነ ያማረ ፎንት ቢመርጡ ወይ ባዶ ሳጥን ይወጣል፣ ወይ ፕሮግራሙ ሳይነግርዎት ከሌላ ፎንት ፊደል ይበደራል። መበደሩ የሚታወቀው ፎንቱን ሲቀያይሩ አማርኛው ሳይለወጥ እንግሊዝኛው ብቻ ሲለወጥ ነው። `Noto Sans Ethiopic` የተለያየ ውፍረት አለው፣ ፈቃዱም ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይፈቅዳል። ውፍረቱን ሲመርጡ የ«ለ»ን እግር ከዓርማው ቀጭን መስመር ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ እግሩ ከመስመሩ ግማሽ በታች ከሆነ ጽሑፉ የተለጠፈ ይመስላል። በእንግሊዝኛም ስሙ ከሥር ከገባ፣ የነጥብ ቁጥሩን አያመሳስሉ። የ«ለ» ቁመትና የላቲኑ ትልቅ ፊደል ቁመት በዓይን እስኪስተካከል ድረስ አንዱን ያሳድጉ።

ምልክት፦ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ጽሑፉ ሌላ ሆነ

ሳጥን ወይም ሌላ ዓይነት ፊደል ከሆነ ፎንቱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት፣ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ቦታ ላይ በሚያስቀምጡት አሮጌ ፎንቶች ነው የተጻፈው፤ በዩኒኮድ እንደገና ይጻፍ። ለሁለቱም መድኃኒቱ ከመላክ በፊት ጽሑፉን መርጦ `Path > Object to Path` ማለት ነው። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ቅርጽ እንጂ ፊደል ስላልሆነ የሚስተካከል ነገር ካለ መሥራት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለት ፋይል ይያዙ፦

```
maleda-logo-edit.svg
maleda-logo-print.pdf
```

ወደ ማተሚያ የሚሄደው ሁለተኛው ብቻ ነው። ከመሄዱ በፊት ሎጎውን በ2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወረቀት ላይ አትሙና ስሙን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። «ዳቦ» ብሎ ለማለት ካመነታ ጽሑፉ ቀጥኗል ወይም አንሷል፤ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ውፍረት ይምረጡና ድጋሚ ያትሙ።