ክሮኖግራፉ ወደ ዜሮ አልመለስ ሲል

ደሴ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ጋ ተደጋግሞ የሚሰማ ስሞታ አለ፦ «ትልቁ ሴኮንድ ቆጣሪ ቆሟል!» ሰዓቱ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም ያለፈን ጊዜ የሚለካ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ከሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል። መሃል ላይ ያለው ረጅም ቆጣሪ ሥራው ያለፈን ጊዜ መለካት ነው። የሰዓቱ የራሱ ሴኮንድ አብዛኛውን ጊዜ ከትንንሾቹ ክቦች በአንዱ ላይ ይሄዳል። እሱ ከተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ደህና ነው። በ2 ቁጥር በኩል ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ትልቁ ቆጣሪ ይነሳል፣ ሲደግሙት ይቆማል። በ4 ቁጥር በኩል ያለው ወደ ዜሮ ይመልሰዋል።

ደቂቃው አንሶ ይነበባል

ሚኒባሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲነሳ ላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ እንበል። ሲደርሱ አቆሙት። የደቂቃው ክብ 12 ይላል። ያን ያህል ፈጥኖ እንዳልደረሰ ግልጽ ነው። ብዙ ሰዓቶች ላይ ይህ ክብ 30 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆጥር አንዴ ዞሮ እንደገና ጀምሯል። የሰዓት መቁጠሪያውን ክብ ይዩ። ቆጣሪው ከዜሮ ተነስቶ ወደ 1 ግማሹን ካለፈ 30 ይደምሩ፤ መንገዱ 42 ደቂቃ ፈጅቷል። ሦስተኛው ክብ እስከ 24 የተጻፈበት ከሆነ ግን ቀንና ሌሊትን እንጂ ልኬትን አያሳይም።

ቆጣሪው ከ12 ቁጥር አልፎ ወይም ሳይደርስ ይቆማል

የባትሪ ሰዓት ከሆነ ቀላል ነው። ባትሪ ሲቀየር ወይም ሰዓቱ ሲመታ ዜሮው ቦታውን ሊስት ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ልኬቱን አቁመው፣ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ይስቡና ላይኛውን ቁልፍ በትንሽ በትንሹ እየተጫኑ ቆጣሪውን 12 ቁጥር ላይ ያድርሱት። ከዚያ ማዞሪያውን ይመልሱና ሰዓቱን ያስተካክሉ። የቁልፉ ቅደም ተከተል እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

መካኒካል ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡ። እዚያ ውስጥ ልብ የሚመስል ትንሽ ብረት አለ። ታችኛው ቁልፍ ሲጫን መዶሻ መሰል ማንሻ ይመታዋል፣ በቅርጹም ምክንያት ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይዞራል። ቆጣሪው ደግሞ ዘንጉ ላይ ተጠብቆ እንጂ ተበይዶ አልተቀመጠም። ሰዓቱ ሲወድቅ ወይም ሲመታ ሊላላና ሊንሸራተት ይችላል። ያኔ ሰዓት ሠሪ ነቅሎ ዜሮ ላይ መልሶ ይተክለዋል።

ጉዳት ከሚያመጡ ልማዶች የከፋው ቆጣሪው እየሄደ ታችኛውን ቁልፍ መጫን ነው። ለዚያ ተብሎ የተሠራ ሰዓት አለ፤ የእርስዎ ከእነዚያ ካልሆነ በኃይል መጫን ማንሻ ያጣምማል ወይም ጥርስ ይሰብራል። ሁልጊዜ አቁመው፣ ከዚያ ይመልሱ። ቁልፉ እምቢ ካለም አይግፉት። ግማሽ መንገድ ተጭኖ መልቀቅም ማንሻዎቹን ቦታቸው ሳይደርሱ ያስቀራቸዋል፤ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጫኑ።

ክረምት ላይ ሰዓቱ ከረጠበ ደግሞ ሳይደርቅ ቁልፎቹን አይንኩ፤ በቁልፉ ዙሪያ ውሃ ይገባል። መስታወቱ በውስጥ በኩል ላብ ካወጣ በዚያው ቀን ለሰዓት ሠሪ ያሳዩት።